«ፈርሜያለሁ፤ ግን ምን ፈረምኩ?» በካምፓላ የስምምነት ሰነድ የፈረመ ሰው ማወቅ ያለበት

ካምፓላ ውስጥ ከአሠሪ፣ ከቤት አከራይ ወይም አደጋ ካደረሰ ባለመኪና ጋር የተጣላ ስደተኛ ጉዳዩን ብዙ ጊዜ የሚጨርሰው ችሎት ፊት በተነበበ ፍርድ አይደለም። ጠበቆች ይነጋገራሉ፣ ወይም ሌበር ኦፊሰሩ ሁለቱን ወገኖች አስቀምጦ ያስማማል፤ ከዚያ አምስት ስድስት ገጽ የእንግሊዝኛ ወረቀት ይመጣና ይፈረማል። ባለጉዳዩ ከቢሮው ሲወጣ በእጁ ወረቀቱ፣ በጆሮው ደግሞ «አለቀ፣ ይከፍሉሃል» የምትል አንዲት አረፍተ ነገር ብቻ ይዞ ነው።

ወረቀቱ ግን ከዚያች አረፍተ ነገር በላይ ይናገራል። ማንኛውም የስምምነት ሰነድ ቢያንስ ሦስት ነገር ይዟል። አንደኛው ክፍያው ነው፤ ማን፣ ስንት፣ መቼ፣ በምን መንገድ ይከፍላል የሚለው። ሁለተኛው ነፃ ማድረጉ ነው፤ እርስዎ ገንዘቡን ሲቀበሉ የትኛውን ክስና ጥያቄ ለዘለቄታው ይተዋሉ የሚለው፤ ጠበቆች «ሪሊዝ» ይሉታል። ሦስተኛው የምስጢር ግዴታው ነው፤ ስለ ስምምነቱ ለማን መናገር ይቻላል፣ ለማን አይቻልም የሚለው።

ብዙ ሰው የሚጎዳው ሦስቱም በአንድ ቀን የሚጀምሩ እየመሰለው ነው። አይጀምሩም። ገንዘቡ በወራት ተከፋፍሎ ሊመጣ ይችላል፤ የመክሰስ መብትዎ ግን በፈረሙበት ደቂቃ ሄዶ ሊሆን ይችላል፤ አፍዎም ከዚያው ደቂቃ ጀምሮ ታስሮ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሰነዱን የሚያብራራልዎ ጠበቃ ወይም አስተርጓሚ ለሦስቱም «ይህ ከመቼ ጀምሮ ነው?» የሚለውን መመለስ አለበት።

መጀመሪያ፦ ቋንቋው የማይገባዎ ከሆነ

በኡጋንዳ ብዙ የእኛ ሰው የማያውቀው አንድ አሮጌ ሕግ አለ። በእንግሊዝኛ «ኢሊተሬትስ ፕሮቴክሽን አክት» ይባላል፤ ያልተማሩ ሰዎች ጥበቃ ሕግ እንደማለት ነው። ስሙን ሰምተው «እኔ ዲግሪ አለኝ፣ አይመለከተኝም» አይበሉ። ሕጉ ትርጉም ሲሰጥ «ያልተማረ» የሚለው ፊደል ያልቆጠረውን ብቻ አይደለም፤ ሰነዱ የተጻፈበትን ፊደል ወይም ቋንቋ አንብቦ መረዳት የማይችለውን ሁሉ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አስተማሪ የነበረ ሰውም እንግሊዝኛ የሕግ ወረቀት አንብቦ የማይረዳ ከሆነ፣ ለዚያ ወረቀት ሲባል በዚህ ሕግ ውስጥ ይገባል።

ለእንዲህ ያለ ሰው ሰነድ የሚጽፍ ሰው ሙሉ ስሙንና አድራሻውን በሰነዱ ላይ ማስፈር አለበት። ስሙን ማስፈሩም «ባለጉዳዩ ባዘዘኝ መሠረት ጻፍኩ፣ አንብቤም አስረዳሁት» ብሎ እንደመመስከር ይቆጠራል። በተግባር ከፊርማው አጠገብ ወይም በመጨረሻው ገጽ ላይ «ይህ ሰነድ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ተተርጉሞ ተነብቦለታል፣ የተረዳውም ይመስላል» የሚል ማረጋገጫ ከአስተርጓሚው ስምና ፊርማ ጋር ይገባል።

ታዲያ ከፈረሙ በኋላም ቢሆን ሰነድዎን ያውጡና ይህን ማረጋገጫ ይፈልጉ። ካለ፣ «አልገባኝም ነበር» ማለት ከባድ ይሆናል፤ ስለዚህ አስተርጓሚው በትክክል ሁሉንም አንብቦልዎ እንደነበር ያስታውሱ። ከሌለ ደግሞ ለጠበቃዎ መንገር ያለብዎት ቁም ነገር ነው። ማረጋገጫው አለመኖሩ ስምምነቱን በራሱ ጊዜ አይሰርዝም፤ ክርክር ከተነሳ ግን ፍርድ ቤት ሰነዱን በማስረጃነት እንዳይቀበለው ምክንያት ሊሆን ይችላል።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ

የሚከተለው ለማስረዳት ያዘጋጀነው ምሳሌ ነው፤ የአንድ የተወሰነ ሰው ታሪክ አይደለም። አንዲት እህት ካባላጋላ ውስጥ ባለ ምግብ ቤት በወር 500,000 ሽልንግ ለሦስት ዓመት በምግብ አብሳይነት ሠራች። የአራት ወር ደመወዝ ሳይከፈላት ያለ ማስጠንቀቂያ ተባረረች። ካባላጋላ የማኪንዴ ክፍለ ከተማ ስለሆነ አቤቱታዋን ለካምፓላ ከተማ አስተዳደር ሌበር ኦፊሰር አቀረበች። የቤት ኪራይ መክፈል ሲያቅታት ኢሲንጊሮ ወዳለው የናኪቫሌ ሰፈር ሄደች። በመጨረሻ አሠሪው ለመስማማት ፈለገ።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ያልተከፈለ ደመወዝ የአራት ወር 2,000,000 ሽልንግ። የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ የአንድ ወር 500,000 ሽልንግ፤ የኡጋንዳ የሥራ ሕግ ከአንድ ዓመት እስከ አምስት ዓመት ለሠራ ሰው የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጣልና። በድርድር የተገኘ ካሳ 2,000,000 ሽልንግ። ድምሩ 4,500,000 ሽልንግ።

ሰነዱ የተፈረመው እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2025 ነው። አሠሪው 1,500,000 ሽልንግ በሰባት ቀን ውስጥ ይከፍላል፤ የቀረውን 3,000,000 ደግሞ በሦስት ወር፣ በየወሩ አምስተኛው ቀን 1,000,000 እየከፈለ ይጨርሳል። አሁን ሦስቱን አንቀጾች አንድ በአንድ እንያቸው።

ክፍያው፦ ቀኑ፣ መንገዱ፣ ቢዘገይስ?

የመጀመሪያው ወጥመድ የቀን አቆጣጠር ነው። ሰነዱ የሚናገረው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። «የወሩ አምስተኛ ቀን» ማለት በእኛ አምስት አይደለም። በምሳሌያችን የመጀመሪያው ክፍያ እስከ ማርች 17 ነው፤ በእኛ መጋቢት 8 ቀን 2017። ቀሪዎቹ ኤፕሪል 5፣ ሜይ 5 እና ጁን 5 ናቸው፤ በእኛ መጋቢት 27፣ ሚያዝያ 27 እና ግንቦት 28። በአማርኛ ማብራሪያው ላይ ሁለቱም ቀኖች ጎን ለጎን ይጻፉ። ቀኑ ያልደረሰበትን ሰው መወንጀልም፣ ያለፈበትን ዝም ማለትም ሁለቱም ይጎዳሉ።

ሁለተኛው መንገዱ ነው። ሰነዱ «ቼኩን ከጠበቃው ቢሮ ትወስዳለች» ካለ፣ ናኪቫሌ ያለች ሴት ለእያንዳንዱ ክፍያ ካምፓላ ድረስ መመላለስ ሊኖርባት ነው። አራት ክፍያ ማለት አራት ጉዞ ነው። በሞባይል መኒ ይሁን ከተባለ ደግሞ ቁጥሩ በራሷ ስም የተመዘገበ መሆኑ ይረጋገጥ። በጓደኛ ወይም በወንድም ስም በወጣ ሲም የገባ ገንዘብ ላይ ጠብ ሲነሳ «ለእሷ ከፍያለሁ» እና «አልደረሰኝም» የሚሉት ሁለት ቃላት ብቻ ይቀራሉ። ኡጋንዳ ከሞባይል መኒ በሚወጣ ገንዘብ ላይ 0.5 በመቶ ታክስ አለ፤ የኩባንያው የማውጫ ዋጋም ከዚያ በላይ ይጨመራል። አንድ ሚሊዮን ሲወጣ ታክሱ ብቻ 5,000 ሽልንግ ነው። ይህን ማን ይችላል? ሰነዱ ዝም ካለ ተቀባዩ ይችለዋል።

ገንዘቡ መጀመሪያ ወደ ጠበቃው ሒሳብ የሚገባ ከሆነ ሁለት ነገር በጽሑፍ ያስፈልጋል፤ ጠበቃው ለአገልግሎቱ ስንት ይቀንሳል፣ ቀሪውንስ በስንት ቀን ውስጥ ያስተላልፋል? ይህ በስምምነቱ ውስጥ ላይገኝ ይችላል፤ ከጠበቃው ጋር ባለዎት ውል ውስጥ ነው የሚፈለገው። አሠሪው ለጠበቃው የከፈለበት ቀን ለአሠሪው የመክፈያ ቀኑ ነው። ከዚያ በኋላ ለሚፈጠረው መዘግየት አሠሪውን መክሰስ አይቻልም።

«ታክስ ተቀንሶ» የምትል ቃል ካለችም ቆም ብለው ይጠይቁ። ያልተከፈለ ደመወዝ ያው ደመወዝ ስለሆነ የሥራ ግብር ሊቆረጥበት ይችላል። እንዲያ ከሆነ 4,500,000 የተባለው እጅ የሚገባው አይደለም ማለት ነው። «ስንት እጄ ይገባል?» ብሎ ቁጥሩን በሽልንግ ማጻፍ ይሻላል።

ሦስተኛውና ትልቁ፣ ቢዘገይስ የሚለው ነው። ጥሩ ሰነድ ይህን መልሶ ያስቀምጣል። በምሳሌያችን ሰነዱ «አንድ ክፍያ ከቀኑ በሰባት ቀን ካለፈ፣ ያልተከፈለው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጠየቃል» ይላል። የኤፕሪሉ ክፍያ እስከ ኤፕሪል 12 ካልገባ፣ ከኤፕሪል 13 ጀምሮ እህታችን አንድ ሚሊዮን ሳይሆን ሦስቱንም ሚሊዮን መጠየቅ ትችላለች። ይህ አንቀጽ ከሌለ ግን የዘገየውን አንድ ሚሊዮን ብቻ ነው የምትጠይቀው፤ የሚቀጥለውን ደግሞ ቀኑ እስኪደርስ መጠበቅ ነው።

ነፃ ማድረጉ፦ ምን ሸጡ?

አሠሪው ገንዘብ የሚከፍለው ስለ ርኅራኄ አይደለም። የሚገዛው ነገር አለ። የሚገዛው የእርስዎን የመክሰስ መብት ነው። ይህን የሚሸጠው አንቀጽ ብዙ ጊዜ ረጅምና አሰልቺ ስለሆነ አስተርጓሚዎች «ከዚህ በኋላ አትካሰሱም ነው የሚለው» ብለው ያልፉታል። አራት ነገር መጠየቅ ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ ከመቼ ጀምሮ? «ይህ ስምምነት ሲፈረም» የሚል ከሆነ መብቱ ማርች 10 ላይ አልቋል፤ አንድ ሽልንግ ሳይገባ። «የመጨረሻው ክፍያ ሙሉ በሙሉ ሲደርስ» የሚል ከሆነ ግን መብቱ እስከ ጁን 5 ከእሷ ጋር ነው። ልዩነቱ ምንድን ነው? አሠሪው ከመጀመሪያው ክፍያ በኋላ ጠፋ እንበል። በመጀመሪያው አነጋገር እህታችን መጠየቅ የምትችለው በስምምነቱ የቀረውን 3,000,000 ብቻ ነው። በሁለተኛው አነጋገር ግን ወደ ዋናው አቤቱታዋ ተመልሳ ለድርድር ብላ የተወችውን የዓመት ፈቃድና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጭምር ማንሳት ትችላለች፤ የተቀበለችው ይታሰብባታል። ገና ካልፈረሙ ሁለተኛውን አነጋገር ይጠይቁ። ፈርመው ከሆነ ደግሞ የትኛው እንደሆነ ይወቁ።

ሁለተኛ፣ ምን ምን ጥያቄ? «ከሥራ ቅጥሩ የተነሳ፣ የታወቀም ሆነ ያልታወቀ ማንኛውም ጥያቄ» የሚለው የተለመደ ነው። «ያልታወቀ» የሚለው ቃል ከባድ ነው። እህታችን እዚያው ምግብ ቤት ዘይት እጇ ላይ ፈስሶባት ከነበረና ከስድስት ወር በኋላ ጣቷ አልታጠፍ ቢል፣ አሠሪው ይህን ወረቀት ያወጣል። ጉዳት ካለ ከመፈረም በፊት ሐኪም መታየት፣ ጉዳቱም ከነፃ ማድረጉ ውጭ መሆኑን በአንዲት አረፍተ ነገር ማስገባት ነው። ከዚህ የሚለየው የኤንኤስኤስኤፍ መዋጮ ነው። አሠሪው 10 በመቶ፣ ሠራተኛው 5 በመቶ ለፈንዱ የሚከፍሉት የሕግ ግዴታ ስለሆነ በሁለት ሰዎች ስምምነት ይቅር የሚባል ዕዳ አይደለም። ሰነዱ ባይጠቅሰውም መዋጮዎ ገብቶ እንደሆነ ፈንዱን ይጠይቁ።

ሦስተኛ፣ ማን ነፃ ይወጣል? ድርጅቱ ብቻ ነው ወይስ ባለቤቱ፣ ሥራ አስኪያጁ፣ ዘመዶቹም? ከዚህም ጋር፣ እነሱስ እርስዎን ነፃ ያደርጋሉ? ይህ ሁልጊዜ ይረሳል። አሠሪው «300,000 ሽልንግ ቅድሚያ ወስዳለች» ይል ከነበረ፣ ነፃ ማድረጉም የአንድ ወገን ብቻ ከሆነ፣ ነገ በዚያ 300,000 ሊከሳት ይችላል። «ሁለቱም ወገኖች አንዳቸው ሌላውን» የሚል ቃል መኖሩን ያረጋግጡ።

አራተኛ፣ ምን አይነካም? ድብደባ ወይም ሌላ ወንጀል ተፈጽሞ ለፖሊስ ካመለከቱ፣ የወንጀሉ ክስ የመንግሥት ነው፤ እርስዎ በፍትሐ ብሔር ስለተስማሙ ብቻ አይዘጋም። የስደተኝነት ፈቃድዎንና በኦፒኤም ያለዎትን ፋይልም ይህ ወረቀት አይነካም፤ ኦፒኤም የስምምነቱ ወገን አይደለም።

ገንዘብ መቀበልና መብት መተው ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ሁላችንም የምናውቀው አንድ አሳዛኝ ጉዳይ በደንብ ያሳያል። እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2019 ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሲበር የወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ውስጥ 157 ሰዎች አለቁ። አውሮፕላኑን የሠራው ቦይንግ በዚያው ዓመት ለዚህና ከዚያ በፊት ኢንዶኔዥያ ውስጥ ለወደቀው አውሮፕላን ተጎጂ ቤተሰቦች 50 ሚሊዮን ዶላር መደበ፤ ለእያንዳንዱ ሟች ቤተሰብ 144,500 ዶላር ደረሰ። ይህን ገንዘብ ለመቀበል የመክሰስ መብትን መተው አላስፈለገም። ብዙዎቹ ቤተሰቦች ገንዘቡን ወስደው ቺካጎ በሚገኘው ፍርድ ቤት ክሳቸውን ቀጠሉ። በኋላ ክሳቸውን በስምምነት የጨረሱት ግን በዚያ ክፍያ ጉዳዩን ዘጉ። ሁለቱም ገንዘብ ነው፤ አንደኛው ላይ የነፃ ማድረግ አንቀጽ የለም፣ ሁለተኛው ላይ አለ። ስለዚህ እጅዎ የገባው ገንዘብ ከየትኛው ዓይነት እንደሆነ የሚነግርዎ መጠኑ አይደለም፤ የፈረሙት ወረቀት ነው።

ምስጢሩ፦ ለማን መናገር ይቻላል?

የምስጢር አንቀጽ ሁለት ዓይነት ነው። ቀለል ያለው የገንዘቡን መጠንና ዝርዝሩን ብቻ ይደብቃል፤ ስምምነት መኖሩን መናገር ይቻላል። ጠበቅ ያለው ስምምነት መኖሩን ራሱን ይደብቃል። የመጀመሪያውን ዓይነት በኤርትራውያን ስደተኞች ጉዳይ አይተነዋል። በቢሻ ማዕድን በግዳጅ ሠርተናል ያሉ ኤርትራውያን ኔቭሰን የተባለውን የካናዳ ኩባንያ ከሰሱ። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2020 ክሱ መታየት ይችላል አለ፤ በዚያው ዓመት ተስማሙ። መስማማታቸውን ዓለም ያውቃል፣ ስንት እንደተከፈለ ግን አልተነገረም።

የእርስዎ ሰነድ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ካወቁ በኋላ ለማን መናገር እንደሚፈቀድ ይመልከቱ። የተለመዱት የተፈቀደላቸው ሰዎች የትዳር ጓደኛ፣ ጠበቃ፣ ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት፣ ፍርድ ቤትና በሕግ የሚጠይቅ ባለሥልጣን ናቸው። ለስደተኛ ግን ይህ ዝርዝር አጭር ነው። ኦፒኤም ወይም ዩኤንኤችሲአር በቃለ መጠይቅ ስለ ደረሰብዎ በደል ሲጠይቁዎ መመለስ አለብዎት፤ ሐኪምዎና አስተርጓሚዎም ሊያውቁ ይገባል። ካልፈረሙ እነዚህን በስም ያስጨምሩ። ከፈረሙና ከሌሉበት፣ ጠበቃዎ ከሌላው ወገን የጽሑፍ ፈቃድ እንዲያገኝልዎ ይጠይቁ። ወንጀልን ለፖሊስ እንዳታመለክት የሚል አንቀጽ ከሆነ ደግሞ ከሕዝብ ጥቅም ጋር ስለሚጋጭ ፍርድ ቤት አያስፈጽመውም። ይህን ለጠበቃዎ ያሳዩ እንጂ ፈርተው ዝም አይበሉ።

ሰው ምስጢሩን የሚያፈርሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ በክፋት ሳይሆን በደስታ ነው። አሜሪካ፣ ማያሚ ውስጥ የሆነውን እንንገራችሁ። የአንድ የግል ትምህርት ቤት የቀድሞ ርዕሰ መምህር ከትምህርት ቤቱ ጋር ተስማማ፤ ከሚከፈለው ውስጥ 80,000 ዶላሩ ለእሱ የተመደበ ነበር። ሰነዱ ከባለቤቱና ከሕግና ከሙያ አማካሪዎቹ በቀር ለማንም እንዳይናገር ያዛል። አባትየው ለልጁ ነገራት። ልጅቷ በፌስቡክ ገጿ ላይ ወላጆቿ ትምህርት ቤቱን እንዳሸነፉ እየፎከረች ጻፈች፤ ጓደኞቿ ከሺህ በላይ ነበሩ፣ ብዙዎቹም የዚያው ትምህርት ቤት የአሁን ወይም የቀድሞ ተማሪዎች። ትምህርት ቤቱ አልከፍልም አለ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ2014 ለትምህርት ቤቱ ፈረደ፤ 80,000 ዶላሩ ቀረ። ልብ በሉ፣ የጻፈችው ልጅቷ ናት፣ የተቀጣው ግን የፈረመው አባት ነው። ስህተቱም የተሠራው እሱ ለልጁ በነገራት ጊዜ ነው።

በእኛ ኑሮ ይህ የሚመጣው በቴሌግራም ግሩፕ፣ በቲክቶክ ላይቭ፣ በማኅበር ቡና ላይ ነው። ዕቁብ ስትጥል «ከየት አመጣሽው?» ትባላለች። ለዚህ መልስ አስቀድሞ ማዘጋጀት ነው። ብዙ ሰነድ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲመጣ «ጉዳዩ በስምምነት ተፈቷል» ብቻ ማለት ይፈቅዳል። ጠበቅ ያለው ዓይነት ከሆነ ይህም አይፈቀድም፤ «ስለዚያ አልናገርም» ማለት ብቻ ነው የሚቻለው። ሰነዱንም ሆነ የገባውን የሞባይል መኒ መልእክት ፎቶ አንስቶ ለሰው አለመላክ ነው።

ቅጣቱንም ያንብቡ። «የተቀበለችውን ሁሉ ትመልሳለች» የሚሉ ሰነዶች አሉ። የኡጋንዳ የውል ሕግ በውል ላይ የተጻፈ የቅጣት መጠን ሲመጣ ፍርድ ቤቱ ከዚያ መጠን የማይበልጥ፣ ተገቢ የሆነ ካሳ እንዲወስን ያደርጋል። ስለዚህ የተጻፈው ቁጥር ጣሪያ ነው፤ ሁልጊዜ ሙሉው ይፈረዳል ማለት አይደለም። ቢሆንም ያልተከፈለ ቀሪ ገንዘብ እያለ ምስጢር ያፈረሰ ሰው ለአሠሪው «አልከፍልም» የሚልበትን ሰበብ በገዛ እጁ ይሰጠዋል።

በአንድ ገጽ ሲጠቃለል

ጠበቃ ወይም የሕግ ረዳት ለባለጉዳዩ ሊሰጠው የሚገባው ማብራሪያ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። የእህታችን ቢጻፍ እንዲህ ይሆናል፦

«የተፈረመው፦ ማርች 10፣ 2025 (መጋቢት 1፣ 2017)።

ጠቅላላ፦ 4,500,000 ሽልንግ። 1,500,000 እስከ ማርች 17 (መጋቢት 8)። 1,000,000 ኤፕሪል 5 (መጋቢት 27)። 1,000,000 ሜይ 5 (ሚያዝያ 27)። 1,000,000 ጁን 5 (ግንቦት 28)። በስምሽ በተመዘገበው ስልክ ይገባል። የማውጫውን ዋጋ አንቺ ትችያለሽ።

ቢዘገይ፦ ከቀኑ ሰባት ቀን ካለፈ ቀሪውን ሁሉ በአንድ ጊዜ መጠየቅ ትችያለሽ።

የተውሽው፦ ከዚህ ሥራ የተነሳ ማንኛውንም የገንዘብ ጥያቄ። የምትተዪው የመጨረሻው ክፍያ ሲደርስሽ ነው፤ ከዚያ በፊት አይደለም። እነሱም ይገባናል ያሉትን 300,000 ትተዋል። የእጅሽ ቃጠሎ አልተካተተም።

ምስጢር፦ ከፈረምሽበት ቀን ጀምሮ፣ ማብቂያ የለውም። የገንዘቡን መጠን አትናገሪም። መናገር የምትችዪው ለባለቤትሽ፣ ለጠበቃሽ፣ ለሐኪምሽ፣ ለአስተርጓሚሽ፣ ለኦፒኤም፣ ለዩኤንኤችሲአር፣ ለፖሊስና ለፍርድ ቤት ነው። ሌላ ሰው ከጠየቀሽ፦ ጉዳዩ በስምምነት ተፈቷል።»

ይህን በእጅዎ ካላገኙ ጠበቃዎን ይጠይቁ፤ መጠየቅ መብትዎ ነው። ማብራሪያው ግን ስምምነቱ አይደለም። ሁለቱ ከተለያዩ የሚሠራው የተፈረመው እንግሊዝኛው ነው፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ መስመር አጠገብ የሰነዱ አንቀጽ ቁጥር ይጻፍበት። የምስጢር ግዴታ ካለ ማብራሪያውም ምስጢር ነው፤ እንደ ሰነዱ ይቀመጥ።

ገንዘቡ ሳይመጣ ቀኑ ካለፈ

መጀመሪያ ሰነዱ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ይዩ። በሁለት ወገን መካከል ብቻ የተፈረመ ከሆነ ውል ነው። ሌላው ወገን ካላከበረው በውል ጥሰት አዲስ ክስ መክፈት ያስፈልጋል፤ የውል ክስ በኡጋንዳ በስድስት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ክስ ተከፍቶ ከነበረ ግን ስምምነቱን ፍርድ ቤቱ መዝግቦ በእሱ መሠረት ፍርድ ሊሰጥ ይችላል፤ ይህን የሚፈቅደው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንብ ትእዛዝ 25 ቁጥር 6 ነው። «ኮንሰንት ጀጅመንት» የሚባለው ይህ ነው። እንዲህ ከሆነ አዲስ ክርክር የለም፤ በቀጥታ ወደ አፈጻጸም ይኬዳል። የፍርድ ቤቱ ማኅተምና የመዝገብ ቁጥር ካለበት የዚህ ዓይነት መሆኑን ያውቃሉ።

ፍርድ የሆነ ስምምነት የሚጠቅመውን ያህል ያስራልም። «ሐሳቤን ቀየርኩ» ወይም «ትንሽ ነው የተከፈለኝ» ብሎ ማስፈረስ አይቻልም። የምሥራቅ አፍሪካ ይግባኝ ፍርድ ቤት በ1952 ሂራኒ እና ካሳም በተባሉ ሰዎች ጉዳይ ያስቀመጠውን መርህ የኡጋንዳ ፍርድ ቤቶች ዛሬም ይከተላሉ። ለማፍረስ ማጭበርበር፣ በሸር መመሳጠር፣ ከፍርድ ቤት መርህ ጋር መጋጨት ወይም ዋናውን ፍሬ ነገር ሳያውቁ መስማማት መኖሩን ማሳየት ያስፈልጋል። በቋንቋ ምክንያት ዋናው ነገር ያልተነገረው ሰው ጉዳዩን በፍጥነት ለጠበቃ ማቅረብ ያለበት ለዚህ ነው። ወራት ጠብቆ፣ ሁለት ክፍያ ተቀብሎ «አልገባኝም ነበር» ቢል የሚያምነው አያገኝም።

በተግባር፣ ቀኑ ባለፈ ማግስት የሞባይል መኒ ወይም የባንክ መግለጫዎን ያውጡ፤ ገንዘቡ አለመግባቱን የሚያሳየው እሱ ነው። ከዚያ ለጠበቃዎ ወይም ጉዳዩን ለያዘው ሌበር ኦፊሰር በጽሑፍ ያሳውቁ፤ በስልክ ብቻ አይበቃም። አሠሪው ደውሎ «ትንሽ ታገሺኝ፣ ግማሹን ልላክ» ካለ በአፍ እሺ አይበሉ። ግማሹን ሲቀበሉ «ቀሪውን መብቴን ሳልተው» ብለው በመልእክት ይጻፉለት፤ አለበለዚያ ቀኑን ራስዎ እንዳራዘሙ ሊቆጠር ይችላል።

ጠበቃ ለሌለው ስደተኛ ኦልድ ካምፓላ የሚገኘው ሪፊውጂ ሎው ፕሮጀክት አለ፤ በማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ሥር ያለና ለስደተኞች የሕግ ድጋፍ የሚሰጥ ድርጅት ነው። የኡጋንዳ የስደተኞች ሕግም ስደተኛ በነፃነት ወደ ፍርድ ቤት መሄድ እንደሚችል ይናገራል። ሲሄዱ ሙሉውን ሰነድ ይዘው ይሂዱ፤ የመጨረሻውን ገጽ ብቻ አይደለም። የምስጢር ግዴታ ቢኖርብዎም ለሕግ አማካሪዎ ማሳየት ብዙውን ጊዜ የተፈቀደ ነው። እዚያ ቁጭ ሲሉ መጀመሪያ የሚጠየቁት ሦስት ቀኖችን ነው፤ ክፍያው መቼ ነው፣ መብቱ የቀረው ከመቼ ጀምሮ ነው፣ ምስጢሩስ ከመቼ ጀምሮ ነው? እነዚህን አንድ ወረቀት ላይ ጽፈው ይሂዱ።